ከመረቡ በቀር ማንም አይግባ

በሰኔ 2012 ዓ.ም. የህዳሴው ግድብ የመጀመሪያ ሙሌት ሊጀመር ሲል፣ ኢንሳ ከግብፅ የተነሡ የሳይበር ጥቃቶችን ማክሸፉን የሚገልጽ መግለጫ አወጣ። በስም ከጠቀሳቸው ቡድኖች አንዱ ራሱን «ሳይበር ሆረስ» ብሎ የሚጠራ ነበር። የአንዳንድ ተቋማት ድረ ገጾች ግን አልተረፉም፤ ገጹን የከፈተ ሰው ይጠብቀው የነበረው የቡድኑ ማስፈራሪያ ነው። እንዲህ ያለ ወሬ በተሰማ ቁጥር አነስተኛ ድረ ገጽ የሚያስተዳድር ሰው ከባለሙያ ወዳጁ የሚያገኘው ምክር አንድ ነው፦ «ክላውድፍሌር ጀርባ አስገባውና ተገላገል።»

ምክሩ ትክክል ነው፤ ግን ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ሰርቨሩ ራሱ ላይ የሚሠራ ሥራ ሲሆን፣ በኔ ግምት ከመጀመሪያው ይልቅ የሚረሳው እሱ ነው።

ክላውድፍሌር፣ አካማይ፣ ፋስትሊ የሚባሉት ድርጅቶች የይዘት ማሰራጫ መረብ፣ በተለምዶ ሲዲኤን የምንለውን ይሸጣሉ። በየአገሩ ሰርቨሮች አሏቸው። አንድ ድረ ገጽ ከነሱ ጋር ሲዋዋል የዶሜይን ስሙ የባለቤቱን ሰርቨር አድራሻ መናገሩን ትቶ የመረቡን አድራሻ ይናገራል። ጎብኚው የሚያነጋግረው በቅርቡ ያለውን የመረቡን ሰርቨር ነው። ገጹ እዚያ ተቀምጦ ከተገኘ መረቡ ራሱ ይመልሳል። ከሌለ ብቻ ወደ ኋላ ተመልሶ ከዋናው ሰርቨር ይጠይቃል። በመካከሉ የጥቃት ጎርፍን ይቀንሳል፣ ተንኮል ያለበትን ጥያቄ ያጣራል። ጎብኚው ዋናውን ሰርቨር በአድራሻ አያውቀውም፤ ማለትም ማወቅ የለበትም።

ነገሩን በቁጥር ለማየት አንድ ምሳሌ እንሥራ። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ተወላጆች ማኅበር አለ እንበል። ማኅበሩ የኔ ፈጠራ ነው፤ ዓይነቱ ግን ለአንባቢ እንግዳ አይሆንም። ወገዳ አጠገብ ለሚሠራ ትምህርት ቤት መዋጮ ያሰባስባል፣ አባላቱም ከባሕር ዳርና ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ተበትነዋል። ድረ ገጹ gayint.example ይባላል። በዎርድፕረስ የተሠራ ነው፤ የሚያስተዳድረው ንፋስ መውጫ የሚኖር ወጣት ነው። ሰርቨሩ ጀርመን ውስጥ በወር በጥቂት ዩሮ የተከራዩት አንድ ትንሽ ማሽን ሲሆን አድራሻው 203.0.113.25 ነው። ይህ ቁጥርም ሆነ ወደታች በ198.51.100 የሚጀምረው፣ ለማስተማሪያ ተብለው የተተዉ በመሆናቸው የማንም አይደሉም።

ሰርቨሩ ላይ ገጽ የሚያሰናዱ አሥር ሂደቶች አሉ። አንዱ ሂደት አንድን ገጽ ከመረጃ ቋት አውጥቶ ለማሰናዳት ግማሽ ሴኮንድ ይፈጅበታል። ስለዚህ ማሽኑ በሴኮንድ ሃያ ገጽ ያስተናግዳል፤ ሃያ አንደኛው ጠያቂ ወረፋ ይይዛል፣ ወረፋው ሲረዝም ገጹ «አልከፍት» ይላል። ይህን ለማድረግ ደግሞ የጠላት ጦር አያስፈልግም። በሴኮንድ ሃያ ጥያቄ አንድ ሰው ቤቱ ካለው ኢንተርኔት ሊልከው ይችላል።

ማኅበሩ አንድ ጊዜ በዚህ መንገድ ከተመታ በኋላ ገጹን ክላውድፍሌር ጀርባ አስገባ። ጥሩ ሆነ። መረቡ ብዙውን ገጽ ከራሱ ማስቀመጫ ስለሚመልስ ሰርቨሩ የሚደርሰው ጥያቄ ጥቂት ሆነ። ከዚያ የመዋጮው ሳምንት መጣና ገጹ እንደገና ተዘጋ።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ምልክት ይታያል። የመረቡ መቆጣጠሪያ ገጽ ላይ ያለው የትራፊክ ሥዕል እንደወትሮው ዝቅ ብሎ ተኝቷል። ሰርቨሩ ግን ትንፋሽ አጥሮታል። ጥቃቱ በመረቡ በኩል ቢመጣ ኖሮ ሥዕሉ ሽቅብ በወጣ ነበር። መረቡ ያላየው፣ ሰርቨሩ ግን የተሸከመው ትራፊክ ካለ በመካከላቸው ሌላ መንገድ አለ ማለት ነው። የሰርቨሩን መዝገብ የከፈተ ሰው ይህን ያገኛል፦

```
172.70.91.14  "GET / HTTP/1.1" 200
198.51.100.77 "GET /?s=8841 HTTP/1.1" 200
198.51.100.77 "GET /?s=8842 HTTP/1.1" 200
```

የመጀመሪያው መስመር ጤነኛ ነው። ክላውድፍሌር ከሰርቨሮቻችሁ ጋር የምገናኝባቸው ብሎ በግልጽ ከሚያወጣቸው የአድራሻ ክልሎች አንዱ 172.64.0.0/13 ነው፤ ይህም ከ172.64.0.0 እስከ 172.71.255.255 ያለውን፣ በጠቅላላው 524,288 አድራሻ ይይዛል። 172.70.91.14 እዚያ ውስጥ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን ከማንኛውም የመረቡ ክልል ውጭ ናቸው። ጥያቄዎቹም የፍለጋ ጥያቄዎች ሆነው በየጊዜው ቁጥራቸው ይቀየራል፤ እያንዳንዱ አዲስ ገጽ ስለሆነ አሥሩ ሂደቶች ሁሉንም ከባዶ ያሰናዱታል። አጥቂው በመረቡ በኩል አልመጣም። ፊት ለፊት ዘበኛ ቆሟል፣ የጓሮው በር ግን ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ታዲያ አድራሻውን ከየት አገኘው? የተደበቀ አልነበረም ወይ?

ቀላሉ መንገድ ታሪክ ነው። የዶሜይን ስሞች ዛሬ ወዴት እንደሚያመለክቱ ብቻ ሳይሆን ትናንትና አምና ወዴት ያመለክቱ እንደነበር መዝግበው የሚያስቀምጡ አገልግሎቶች አሉ። ማኅበሩ ወደ መረቡ ሲገባ ሰርቨሩን አልቀየረም፤ የአምናው አድራሻ የዘንድሮውም ነው። ሁለተኛው መንገድ ኢሜይል ነው። የማኅበሩ ኢሜይል የሚያርፈው mail.gayint.example ላይ ነው፣ እሱም ያው ማሽን ነው። መረቡ በተለመደው አገልግሎቱ የሚያስተላልፈው የድረ ገጽ ትራፊክን እንጂ ኢሜይልን ስላልሆነ፣ ያ ስም እውነተኛውን አድራሻ ለጠየቀው ሁሉ ይናገራል። መዋጮ ለከፈለ አባል በራስ ሰር የሚላከው የምስጋና ኢሜይልም በራስጌው ላይ የላኪውን ማሽን አድራሻ ይዞ ይሄዳል። አንድ ብር አዋጥቶ አድራሻውን መውሰድ ይቻላል ማለት ነው።

ሦስተኛው መንገድ ግን ጥንቃቄን ሁሉ ከንቱ የሚያደርግ ነው። የድሮው ዓይነት የኢንተርኔት አድራሻ በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ነው። ብዙ ይመስላል፤ ግን እ.ኤ.አ. በ2013 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዚማፕ የተባለ መሣሪያ ሠርተው ሁሉንም አድራሻ ከአንድ ማሽን ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ማንኳኳት እንደሚቻል አሳይተዋል። ዛሬ ሾዳንና ሴንሲስ የመሳሰሉ አገልግሎቶች ይህን ዘወትር እየሠሩ ውጤቱን ለፈላጊ ያቀርባሉ። የኛ ሰርቨር በ443 በር ሲንኳኳ «እኔ gayint.example ነኝ» የሚል ሰርተፊኬት ያወጣል። አጥቂው የሚቀረው ያንን ስም መፈለግ ብቻ ነው፣ አድራሻው አጠገቡ ተጽፎ ያገኘዋል።

እ.ኤ.አ. በ2015 የቤልጂየሙ የሉቨን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት አንድ ጥናት እንዲህ ባሉ መረቦች ጀርባ ያሉ 17,877 ድረ ገጾችን ፈትሾ የ71.5 በመቶዎቹን እውነተኛ አድራሻ ማግኘት ችሏል። የተጠቀሙባቸው ዘዴዎች ከላይ ያየናቸውና የመሳሰሉት ናቸው፤ አንዱም ሰብሮ መግባት አይጠይቅም።

ስለዚህ አድራሻውን እንደ ምስጢር መቁጠር መተው ነው የሚሻለው። መረቡን ከገቡ በኋላ አድራሻ መቀየርም ሆነ ኢሜይሉን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ጥሩ ነው፤ አጥቂውን ያዘገያል። ዋናው ጥያቄ ግን «አድራሻውን ቢያውቀውስ ምን ያገኛል?» የሚለው ነው። መልሱ «ምንም» እንዲሆን ሰርቨሩ ከመረቡ ክልሎች ለሚመጣ ብቻ በሩን መክፈት አለበት።

ክላውድፍሌር ክልሎቹን ማሽን በሚያነበው ዝርዝር ያወጣል፤ የድሮው ዓይነት አድራሻ 15 ክልል፣ የአዲሱ አይፒቪ6 ደግሞ 7 ናቸው። ኡቡንቱ በሚሠራ ሰርቨር ላይ ፋየርዎሉን እንዲህ ማዘጋጀት ይቻላል፦

```
ufw allow 22/tcp
ufw allow 25/tcp
ufw default deny incoming
for r in $(curl -fsSL https://www.cloudflare.com/ips-v4) \
         $(curl -fsSL https://www.cloudflare.com/ips-v6); do
  ufw allow proto tcp from $r to any port 443
done
ufw delete allow 443/tcp
ufw delete allow 80/tcp
ufw --force enable
```

ቅደም ተከተሉ ትርጉም አለው። አስተዳዳሪው የሚገባበት 22 ቁጥር በር መጀመሪያ ይፈቀዳል፤ አለዚያ በራሱ ግድግዳ ራሱን ውጭ ያስቀራል። ኢሜይሉ እዚሁ ማሽን ላይ እስካለ ድረስ 25ም ክፍት ይቆያል። አንዳንድ መመሪያ 22ን ለአስተዳዳሪው ቤት አድራሻ ብቻ ክፈቱት ይላል። ንፋስ መውጫ ሆኖ በሞባይል ኢንተርኔት ለሚሠራ ሰው ይህ አይመችም፤ አድራሻው የሱ የግሉ አይደለም፣ ዛሬ ያለው ነገ ላይኖር ይችላል። በይለፍ ቃል መግባትን ከልክሎ በቁልፍ ፋይል ብቻ ማስገባቱ ይበጀዋል። `delete` የሚሉት ሁለት መስመሮች ደግሞ የሥራው ልብ ናቸው። ፋየርዎሉ ላይ ድሮ የተጻፈው «443 ለሁሉም ክፍት ነው» የሚል ደንብ እስካለ ድረስ አዲሶቹ ፈቃዶች ምንም አይለውጡም፤ ሁሉም ይገባ የነበረበት መንገድ እንዳለ ነው። ደንቡ በሌላ ስም ተጽፎ ሊሆን ስለሚችል `ufw status` ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

ሰርቨሩ ዶከር የሚጠቀም ከሆነ ይህ ሁሉ ልፋት በከንቱ ሊቀር ይችላል። ዶከር ለራሱ በሮች የሚጽፋቸው ደንቦች ከufw ደንቦች በፊት ስለሚደርሱ፣ ዝርዝሩ ላይ ዝግ የሚለው በር በተግባር ክፍት ይሆናል። ሰርቨር አከራዩ የራሱ ፋየርዎል ካለው ክልሎቹን እዚያም ማስገባት ይህን ችግር ያቃልለዋል።

መዝጋቱን ያረጋገጠ ሰው ግን ገና አልጨረሰም፤ ከውጭ ሆኖ ማንኳኳት አለበት። ከሌላ ኮምፒውተር፣ ስሙን ይዞ መረቡን ግን ዘሎ እንዲህ ይጠይቃል፦

```
curl -I -m 10 --resolve gayint.example:443:203.0.113.25 \
  https://gayint.example/
```

ይህ ትእዛዝ «የዶሜይን መዝገቡን አትጠይቅ፣ ቀጥታ ወደዚህ አድራሻ ሂድ» ማለት ነው። `200` የሚል መልስ ከመጣ በሩ ክፍት ነው። `403` ከመጣ ሰርቨሩ እየከለከለ ነው፤ ግን ሰርተፊኬቱን አሳይቶ፣ ማንነቱንም ተናግሮ ነው የከለከለው፤ ሴንሲስ አሁንም ያገኘዋል። የምንፈልገው አሥር ሴኮንድ ጠብቆ ምንም መልስ ሳያገኝ መቅረቱን ነው። ሰርቨሩ አይፒቪ6 አድራሻ ካለውም በዚያኛው መሞከር ያሻል፤ አንዱን ዘግቶ ሌላውን መርሳት እጅግ የተለመደ ነው።

አንዳንዱ ግድግዳውን ፋየርዎል ላይ ሳይሆን ኤንጂንኤክስ ውስጥ መሥራት ይመርጣል፦ የመረቡን ክልሎች `allow`፣ ሌላውን `deny all`። እዚህ አንድ ወጥመድ አለ። በመረቡ በኩል የመጣ ጥያቄ ሁሉ መዝገቡ ላይ የመረቡን አድራሻ ይዞ ስለሚታይ፣ አስተዳዳሪዎች የጎብኚውን እውነተኛ አድራሻ መረቡ ከሚጨምረው `CF-Connecting-IP` ራስጌ ላይ እንዲወሰድ ያደርጋሉ። ኤንጂንኤክስ ይህን ልውውጥ የሚያደርገው ፈቃዱን ከመመርመሩ በፊት ነው። ስለዚህ ጥያቄው ምርመራው ላይ ሲደርስ የመረቡ አድራሻ ተነሥቶ የአዲስ አበባው ወይም የዋሽንግተኑ አባል አድራሻ ተተክቷል፤ ያ ደግሞ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ውጤቱ ትክክለኞቹ ጎብኚዎች ሁሉ `403` መቀበላቸው ነው። ግራ የገባው አስተዳዳሪ `deny all` የሚለውን ሰርዞ «አሁን ሠራ» ይላል፤ በሩም ተከፍቶ ይቀራል። በኤንጂንኤክስ መሥራት ግድ ከሆነ መመርመር ያለበት ከልውውጡ በፊት የነበረው አድራሻ፣ `$realip_remote_addr` ነው። እኔ ግን ፋየርዎሉን እመርጣለሁ።

ያው ራስጌ በሩ ክፍት ሲሆን ሌላ ጉዳትም ያመጣል። ዎርድፕረሱ «ከአንድ አድራሻ አምስት ጊዜ የተሳሳተ ይለፍ ቃል ከመጣ ቆልፍ» የሚል ተጨማሪ ፕሮግራም አለው እንበል፤ አድራሻውን የሚያነበው ከራስጌው ነው። ቀጥታ ወደ ሰርቨሩ የመጣ አጥቂ ራስጌውን ራሱ ይጽፈዋል። በየሙከራው አዲስ ቁጥር ይጽፍና ለፕሮግራሙ ሺህ ሰው ሆኖ ይታየዋል፤ ቁልፉ መቼም አይወድቅም። ራስጌው ሊታመን የሚችለው ጥያቄው ከመረቡ ክልል መምጣቱ ሲረጋገጥ ብቻ ነው።

ዝርዝሩ ራሱም ያረጃል። ብዙ ጊዜ አይለወጥም፣ ግን ይለወጣል። ክላውድፍሌር አንድ ጊዜ 104.16.0.0/12 የሚለውን ክልል አንሥቶ በጠበቡ ሁለት ክልሎች ተክቶታል። ስለዚህ አዲስ መጨመር ብቻ ሳይሆን የተነሣውንም መሰረዝ ያስፈልጋል፤ መረቡ የለቀቀው አድራሻ ነገ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። አዲስ ክልል ሳይገባ ሲቀር የሚታየው ምልክት ደግሞ አደናጋሪ ነው። ገጹ ለሁሉም አይዘጋም። የአዲስ አበባ አባላት በቀድሞው ክልል በኩል ሲከፈትላቸው፣ የዋሽንግተኖቹ `522` የሚል ስሕተት ያያሉ። መረቡ ሰርቨሩን አንኳኩቶ መልስ አጣ ማለት ነው። «እዚህ ይሠራል፣ እዚያ አይሠራም» የሚል ክርክር በቴሌግራም ቡድን ላይ ከተነሣ ዝርዝሩን ማየት ነው።

ይህን በእጅ መሥራት ለኛ አገር ሁኔታ አያስተማምንም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ንፋስ መውጫ ወይም መካነ ኢየሱስ ሆኖ በስልኩ ኢንተርኔት ጀርመን ያለ ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው መግቢያ አልነበረውም። ሰርቨሩ ግን መሥራቱን ይቀጥላል። በመሆኑም ዝርዝሩን በየቀኑ አውርዶ የሚያነጻጽር ትንሽ ስክሪፕት ሰርቨሩ ላይ ማስቀመጥ፣ ሁለተኛ ቁልፍም ውጭ አገር ላለ አንድ አባል መስጠት ያስፈልጋል። ስክሪፕቱ ያወረደው ዝርዝር ባዶ ወይም የተቆረጠ መሆኑን ሳያረጋግጥ የድሮውን መሰረዝ የለበትም፤ አለዚያ አንድ ማውረድ ሲከሽፍ ገጹ በገዛ ባለቤቱ እጅ ይዘጋል።

ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላም ሁለት ነገሮች ይቀራሉ። አንደኛው፣ ሰርቨሩ ላይ ያለ ፋየርዎል የሚጥለው ማሽኑ ደጃፍ የደረሰውን ነው። የማሽኑ መስመር በሴኮንድ አንድ ጊጋቢት ከሆነና አጥቂው አሥር ጊጋቢት ከላከ መስመሩ ከደጃፉ በፊት ይሞላል። መረቡ ራሱም ማለፊያ ያጣል። እዚህ የሚረዱት የአከራዩ መከላከያና አድራሻን መቀየር ብቻ ናቸው። አድራሻው ሲቀየር ግድግዳው አስቀድሞ ቆሞ ከጠበቀ አዲሱ ሰርቨር በ443 ከመረቡ ውጭ ለማንኛውም አንኳኪ ዝም ስለሚል እንደቀድሞው በቀላሉ አይገኝም፤ እርግጥ ኢሜይሉ ወደ ሌላ ማሽን ከሄደ ነው።

ሁለተኛው ረቂቅ ነው። ክልሎቹ የክላውድፍሌር እንጂ የማኅበሩ አይደሉም። አጥቂውም በነጻ የክላውድፍሌር ደንበኛ ሆኖ የራሱን ዶሜይን ወደ 203.0.113.25 ማመልከት፣ የራሱንም መከላከያ ሁሉ ማጥፋት ይችላል። ጥያቄው የሚመጣው ከ172.64.0.0/13 ስለሆነ ፋየርዎሉ ያሳልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የኦስትሪያ የደኅንነት ድርጅት የሆነው ሰርቲቱድ ይህን መንገድ በዝርዝር አሳይቷል። መድኃኒቱ መረቡ ወደ ሰርቨሩ ሲመጣ መታወቂያ እንዲያሳይ መጠየቅ ነው፦

```
ssl_client_certificate /etc/nginx/certs/gayint-ca.pem;
ssl_verify_client on;
```

መታወቂያው ማኅበሩ ራሱ አዘጋጅቶ ለዶሜይኑ ብቻ መረቡ ላይ የጫነው ሰርተፊኬት መሆን አለበት። ክላውድፍሌር ለሁሉም ደንበኛ በጋራ የሚጠቀምበት አንድ ሰርተፊኬት አለ፤ እሱን ከመረጡ የአጥቂው ዶሜይንም ያንኑ ይዞ ይመጣል፣ ሰርቨሩም ልዩነቱን አያውቅም።

ከዚህም የሚያልፍ አለ። `cloudflared` የሚባለው ፕሮግራም ሰርቨሩ ላይ ሲሠራ ግንኙነቱን የሚጀምረው ሰርቨሩ ራሱ ነው፤ ከውስጥ ወደ መረቡ ይደውላል፣ የጎብኚዎች ጥያቄም በዚያው መስመር ተመልሶ ይመጣል። 443ን ለማንም፣ ለመረቡም ቢሆን መክፈት አያስፈልግም። ሊያረጅ የሚችል ዝርዝርም አይኖርም። ዋጋው ደግሞ ጥገኝነት ነው፦ ማኅበሩ ነገ ወደ ሌላ መረብ ልሂድ ቢል ክልሎቹን በፋየርዎል መቀየር የአንድ ሰዓት ሥራ ሲሆን፣ `cloudflared`ን መተው ግን አሠራሩን እንደገና መገንባት ነው። አንድ ወጣት በትርፍ ጊዜው ለሚጠብቀው ገጽ እኔ ብሆን ክልሎቹንና የግል ሰርተፊኬቱን እይዝ ነበር፤ ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ ሥራውን የሚረከበው የውጭ አገሩ አባል ደንቦቹን አንድ በአንድ አንብቦ ሊረዳቸው ይችላል።